13 ኩንታል ጤፍ ለ10 ዶላር፦ በብድር ወርቅ የገዛ የደብረ ማርቆስ ነጋዴ ጉዳይ

መነሻ

ይህን የምጽፈው ባለጉዳዩ ፈቅዶልኝ ነው። ስሙን፣ የባንኩን ስምና በኢንተርኔት ያገበያየውን ብሮከር ስም ትቻለሁ። ቁጥሮቹን ለአንባቢ እንዲቀልሉ ትንሽ አጠጋግቻቸዋለሁ። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የነጋዴዎችን ሂሳብ እሠራለሁ። ሰውየውም ለዓመታት ደንበኛዬ ነው።

በፎሬክስ፣ በኢንተርኔት በሚካሄደው የምንዛሪና የወርቅ ግብይት፣ ገንዘቡን የተበላ ሰው ብርቅ አይደለም። ይህኛው የሚለየው ሰውየው ትክክል ስለነበረ ነው። «ወርቅ ገና ይወጣል» አለ። ወርቅም ወጣ፤ እሱ ካሰበው በላይ ወጣ። ገንዘቡ ግን ወርቁ ሳይወጣ በፊት አልቆ ነበር። ትክክል ሆኖ እንዴት ሁሉን እንዳጣ ለመረዳት ስሌቱን ከእሱ ጋር ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ሠራሁት።

ሰውየውና ሥራው

ዕድሜው 38 ነው። የጤፍ መጋዘን አለው። ከቢቸናና ከደጀን በኩል የሚመጣ ጤፍ ይገዛል፣ ይሸጣል። ትርፉ የሚመጣው ከወቅት ነው። አዝመራው በሚሰበሰብበት ታኅሣሥ ጤፍ ይረክሳል። ሰኔና ሐምሌ ሲደርስ ይወደዳል። ማቆየት የቻለ ያተርፋል።

ማን ማቆየት አይችልም? የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ገበሬ። እህሉ ሐምሌ ላይ የተሻለ ዋጋ እንደሚያወጣ ገበሬው ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ዕዳው ሐምሌን አይጠብቅለትም። ስለዚህ ከአውድማው እንደወጣ በረከሰው ዋጋ ይሸጣል። የእኔ ሰው ደግሞ ለዓመታት ከእነዚህ ገበሬዎች ሲገዛ የኖረ ነው። በዕዳ ተገዶ መሸጥ ምን እንደሆነ ከሌላኛው ወገን ቆሞ አይቶታል። ይህን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንዴት እንደገባበት

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ላይ የአክስቱ ልጅ ስልኩ ላይ MT5 የሚባለውን የፎሬክስ መገበያያ መተግበሪያ ጫነለት። ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል በሆነው ክሪፕቶ፣ በዩኤስዲቲ፣ 300 ዶላር አስገባና ወርቅ መግዛት ጀመረ። ወርቅ ስል ግራም የሚመዘን ጌጥ አይደለም። በስክሪኑ ላይ `XAUUSD` የሚል መስመር ነው፤ የአንድ ወቄት ወይም አውንስ ወርቅ ዋጋ በዶላር። ዋጋው ሲወጣ ትርፍ፣ ሲወርድ ኪሳራ። ወርቁ ራሱ እጁ አይገባም።

በዚያን ጊዜ የዓለም ወርቅ ከ2,400ዎቹ ተነስቶ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ገደማ እስከ 2,780ዎቹ ድረስ ወጣ። በእነዚያ ሦስት ወራት የገዛ ሁሉ አዋቂ ነበር። 300 ዶላሩ 900 ሆነ። ሰውየው ይህን ትርፍ ለችሎታው ቆጠረው። እኔ ብሆንም ሳልቆጥረው አልቀርም ነበር።

ከዚያ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። በእጁ የተረፈው፣ ከወርቁ ትርፍ የቀረው ጭምር፣ 80,000 ብር ነበር። የ24 ሰው እቁብ አለው፤ በወር 10,000 ብር። አምስተኛው ዙር ላይ እጣ ወጣለትና 240,000 ብር ወሰደ። ከባንክ ደግሞ ቤቱን አስይዞ 330,000 ብር ተበደረ። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ የሚከፈለው በ24 ወር። ማመልከቻው ላይ የተጻፈው «ለእህል ግዢ» ነው። እውነትም ታኅሣሥ ላይ ጤፍ ሊገዛበት ነበር። «እስከዚያ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ» አለኝ በኋላ።

ድምሩ 650,000 ብር ሆነ። አንዱን ዶላር በ130 ብር ሂሳብ ገዝቶ 5,000 ዶላር አስገባ። ገንዘቡን ወርቅ ላይ እንዳዋለው ሚስቱ አታውቅም።

የተደበቀው ብድር

እቁብን ብዙ ሰው እንደ ብድር አይቆጥረውም። እሱም «እቁቤን ነው የወሰድኩት» ነበር የሚለው። እስቲ እንቁጠረው። አምስት ጊዜ ከፍሏል፤ 50,000 ብር የራሱ ነው። የቀረው 190,000 ብር ገና የሚከፍለው ነው። ወለድ የለውም እንጂ ዕዳ ነው፤ ዋስም አለበት።

ስለዚህ ከ650,000 ብሩ የራሱ 130,000 ብቻ ነው፤ 1,000 ዶላር። የቀረው 4,000 ዶላር የሰው ነው። ገና ብሮከሩ ሳይገባበት፣ በአንድ የራሱ ዶላር ላይ አራት የሰው ዶላር ደርቧል። የገዛው ነገር 20 በመቶ ብቻ ቢወርድ የራሱ ድርሻ ዜሮ ይሆናል።

ሁለተኛው ብድር የብሮከሩ ነው። ይኼኛው ሌቨሬጅ ይባላል። የሱ አካውንት 1 ለ100 ነበር። 100 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ለመያዝ 1 ዶላር መያዣ ማስያዝ ይበቃል ማለት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካ አክሲዮን በብድር የሚገዛ ሰው በደንቡ መሠረት መጀመሪያ ግማሹን ዋጋ ከኪሱ ማምጣት አለበት። እዚያ ከ2 ዶላር 1 ዶላር፣ እዚህ ከ100 ዶላር 1 ዶላር።

ጥቅምት 26 ቀን፣ ማክሰኞ፣ በ2,740 አንድ ሎት ገዛ። በወርቅ አንድ ሎት 100 ወቄት ነው። ዋጋው 274,000 ዶላር። በወቅቱ ምንዛሪ ከ35 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ አየኝ። ስክሪኑ ላይ ያየው `1.00` የሚል ቁጥር ብቻ ነበር።

የራሱ ገንዘብ 1,000 ዶላር፣ የያዘው ሸክም 274,000 ዶላር። ወርቅ በ10 ዶላር ሲወርድ 100 ወቄቱ 1,000 ዶላር ይከስራል። 10 ዶላር ደግሞ ከ2,740 ላይ ከግማሽ በመቶም በታች ነው። ወርቅ ይህን ያህል በአንድ ጠዋት ይወዛወዛል። ገንዘቡ በሙሉ ቁርስና ምሳ መካከል ሊያልቅ በሚችልበት ቦታ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ረቡዕ ጥቅምት 27

ማክሰኞ በአሜሪካ ምርጫ ነበር። ረቡዕ ውጤቱ ሲታወቅ ዶላር ተጠናከረ፣ ወርቅ ደግሞ ወረደ። በዚያን ቀን ብቻ 3 በመቶ ግድም ነው የወረደው፤ ከ2,740ዎቹ እስከ 2,650ዎቹ። ለወርቅ ትልቅ ውድቀት ነው፤ ግን ታይቶ የማይታወቅ አይደለም። ወርቁን በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው በዚያ ቀን ከ100 ብሩ 3 ብር ወረደበት። ከዚያ በላይ አይደለም።

የእኛን ሰው ዕጣ የወሰነው ግን ሌላ ቁጥር ነው። ስክሪኑ ላይ ከታች በኩል የሚታይ አንድ መስመር አለ። ስሌቱ ይህ ነው፦

```
Margin Level = Equity ÷ Margin × 100
```

`Equity` ማለት አሁን ቢዘጋ የሚቀረው ገንዘብ ነው። `Margin` ብሮከሩ መያዣ አድርጎ የቆለፈው ነው፤ እዚህ 2,740 ዶላር። ሲከፍት 5,000 ለ2,740 ሲካፈል 182 በመቶ ነበር። ብሮከሩ ሁለት መስመር አስምሯል። 100 በመቶ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ማርጂን ኮል የሚሉት ይኼን ነው። 50 በመቶ ሲደርስ ብሮከሩ ራሱ ይዘጋዋል፤ ይህ ስቶፕ አውት ነው። ማንንም አይጠይቅም።

ወርቅ 2,717 ሲደርስ ማስጠንቀቂያው መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ ጤፍ እያስጫነ ነበር። የስልኩ መስመር ቀይ ሆነ። ዋጋው የወረደው 23 ዶላር ነው፤ አንድ በመቶም አይሞላም። ከ5,000 ዶላሩ ግን 2,300 ግድም ሄዷል።

በዚህ ሰዓት ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ መዝጋት ነው። ቢዘጋ 2,700 ዶላር ግድም ይዞ ይወጣል፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ሌላው ገንዘብ መጨመር። ቴሌግራም ላይ የሚከተለው፣ መቼ እንደሚገዛና እንደሚሸጥ የሚነግረው «ሲግናል» ሰጪ «ያዙ፣ ይመለሳል» ብሎ ጽፏል። ሰውየውም ጨመረ።

ከየት አመጣ? መጋዘኑ ውስጥ አዲስ አበባ ላለ ደንበኛ የተያዘ 13 ኩንታል ማኛ ጤፍ ነበር። ኩንታሉ 11,000 ብር ሊሸጥ ተስማምተዋል፤ ገንዘቡ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሚመጣው። እሱ ለጎረቤቱ ነጋዴ እዚያው በጥሬ ገንዘብ በ10,000 ሸጠው። 130,000 ብር አገኘ፤ 1,000 ዶላር ገዝቶ አስገባ። ጎረቤቱ ለምን እንደሚቻኮል አልጠየቀውም። ነጋዴ የቸኮለ ሻጭ ሲያገኝ ጥያቄ አያበዛም።

ዋጋው 2,712 ላይ ነበር። መስመሩ ወደ 117 በመቶ ተመለሰ፣ ቀዩ ጠፋ። «እፎይ አልኩ» ብሎኛል። አሁን 1,000 ዶላሩ የገዛለትን ነገር እንይ። ሳይጨምር በፊት ስቶፕ አውቱ 2,703.7 ላይ ነበር። ከጨመረ በኋላ 2,693.7 ላይ ሆነ። 13 ኩንታል ጤፍ የገዛለት የ10 ዶላር ርቀት ነው። ወርቅ በዚያ ቀን 90 ዶላር ግድም ነው የተንሸራተተው።

ሲመሽ ሰፈሩ መብራት ጠፋ። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ዳታ ከፍቶ ሲገባ መስመሩ የለም፣ ወርቁ የለም። ብሮከሩ በ2,692.5 ዘግቶታል፤ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ማለት ነው። ገበያው ሲሮጥ የሚዘጋው በተሰመረው ዋጋ ሳይሆን በተገኘው ዋጋ ነው። ካስገባው 6,000 ዶላር 1,250 ቀረው። የሌሊቱን ወለድ ሂሳቡን ለማቅለል ትቼዋለሁ። አዎ፣ ብሮከሩ ላበደረው 274,000 ዶላር በየሌሊቱ ወለድ ይቆርጣል።

መብራቱ ባይጠፋስ? ምንም አይለወጥም ነበር። ምናልባት ሌላ ጤፍ ይሸጥ ነበር።

ሐሙስ

ይህን ክፍል ሲነግረኝ ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። ሌሊቱን አልተኛም። ወርቅ ገና ይወርዳል ብሎ ደመደመና በ1,250ው ዶላር በተቃራኒው ገባ። 0.3 ሎት በ2,660 ሸጠ፤ ሲወርድ የሚያተርፍበት ዓይነት። በማግስቱ ወርቅ ተመልሶ 2,700ን አለፈ። ስቶፕ አውቱ 2,688 አካባቢ ነበር። ተዘጋ። 400 ዶላር ቀረው። እሱን አወጣው፤ 52,000 ብር።

በሁለት ቀን ውስጥ ሲወርድም ሲወጣም ተበላ። ካስገባው 780,000 ብር ውስጥ 728,000ው ሄደ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው

ለሚስቱ ለመንገር ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። ጤፍ ሊገዛበት ነው ብላ ያሰበችው ብድር የት እንደሄደ ስትሰማ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያለ ዕዳዬ ዘማች አደረግኸኝ።» ቤቱ የሁለቱም ነው፣ መያዣ ሲሆን እሷም ፈርማለች። ወደ እኔ ይዛው የመጣችው እሷ ናት።

መጀመሪያ ያደረግነው ዕዳውን በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ባንክ በወር 16,500 ብር ግድም። እቁብ 10,000። በድምሩ 26,500 ብር በየወሩ፤ ሽርፍራፊውን ሳይጨምር። መጋዘኑ በደህናው ወር 30,000 ያስገኛል፤ ያውም ጤፍ መግዣ ገንዘብ ሲኖር ነው። አሁን የለም።

ያልሠራለትን መንገድ ላስቀድም። ለብሮከሩ በኢሜይል አቤት አለ። የመጣው መልስ እሱ ራሱ ሲመዘገብ ምልክት ያደረገበት ውል ነው። ሲግናል ሰጪው ከግሩፑ አስወጣው። ሕግ ጋ መሄድንም አሰብን። ነገር ግን ብሮከሩ ያለው ውጭ አገር ነው። ገንዘቡ የተላከው በዩኤስዲቲ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ገና በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን አሳውቋል። በዚህ በኩል የሚከፈት በር አላገኘንም። አንድ ዘመድ በወር 10 በመቶ የሚያበድር ሰው ሊያገናኘው ነበር። አራጣ ነው፤ በወንጀልም ያስጠይቃል። ሚስቱ ናት ያስቆመችው።

የሠራለት ባንኩ ጋ ቀድሞ መሄዱ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ሳያልፍ፣ ኅዳር መግቢያ ላይ፣ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምለት አመለከተ። ገንዘቡ ጤፍ እንዳልተገዛበትም ተናገረ። ይህን መናገሩ ትክክል ነው አይደለም ብለን ተከራክረናል። እኔ ዝም ይበል ባይ ነበርኩ፤ ተሳስቼ ነበር። የብድር ሠራተኛው መጋዘኑን ሊያይ መምጣቱ አይቀርም ነበር። መጀመሪያ እንቢ አሉት። ሁለተኛ ጊዜ መጋዘኑን አይተው 36 ወር አደረጉለት። ክፍያው ወደ 12,000 ወረደ። በጠቅላላው 34,000 ብር ግድም ተጨማሪ ወለድ ይከፍላል። ውድ ነው፣ ግን ቤቱ ተረፈ።

እቁቡ አልተራዘመም። ዳኛውም ጸሐፊውም አዘኑለት፣ ግን እቁብ በማዘን አይራዘምም። ገና እጣ ያልወጣላቸው 19 ሰዎች አሉ። በመጨረሻ ዋሱ የሆነው የሚስቱ ወንድም ግማሹን ለስድስት ወር ሊከፍልለት ተስማማ።

ሚስቱ 15 ግራም የአንገት ወርቅ ነበራት። ታኅሣሥ ላይ በ120,000 ብር ሸጠችው። እሱ ገንዘቡ ለባንክ ይግባ አለ። እሷ ደግሞ «ጤፍ ግዛበት፤ ባንኩን ጤፉ ይከፍላል» አለች። እኔም ሂሳቡን ሠርቼ የሷን ደገፍኩ። ባንክ ቢገባ የአሥር ወር ክፍያ ሆኖ ያልቃል፤ መጋዘኑም ባዶ ይቀራል። 12 ኩንታል ግድም ገዛ። እስከ ሐምሌ ማቆየት ግን አልቻለም። በየሳምንቱ እየሸጠ፣ እየገዛ፣ በትንሽ ትርፍ አዟዟረው። የወር ክፍያው ሐምሌን አይጠብቅማ። ከገበሬዎቹ ጎን ተሰልፏል።

ወርቁስ?

ኅዳር 5 ገደማ 2,540 አካባቢ ደረሰ። ከዚያ ተመለሰ። መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. 3,000ን ነካ። መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. 4,000ን አለፈ።

ስለዚህ ሦስት ስሌት ሠራሁለት። እሱ ነበር የጠየቀኝ።

አንደኛ፣ ያለ ምንም ብድር በራሱ 1,000 ዶላር ወርቅ ብቻ ቢገዛ ኖሮ፣ በከፋው ቀን 73 ዶላር ግድም ቀንሶ ያያል። ማንም ደውሎ ጨምር አይለውም። 4,000 ሲደርስ 1,460 ዶላር ይሆንለታል።

ሁለተኛ፣ በዚያው 5,000 ዶላር አንድ ሎት ሳይሆን 0.1 ሎት ቢይዝ። 10 ወቄት ማለት ነው፤ መያዣው 274 ዶላር። በከፋው ቀን 2,000 ዶላር ይከስራል፣ 3,000 ይቀረዋል፣ አይዘጋም። መጋቢት ላይ ከሌሊት ወለዱ ተርፎ 2,000 ዶላር ግድም ያገኛል። ልዩነቱ ስክሪኑ ላይ የአንዲት ነጥብ ቦታ ነው። ግን እዚህም እንቅፋት አለ። ከኅዳር ጀምሮ በየወሩ 26,500 ብር መክፈል ነበረበት። ከዚያው አካውንት ቢያወጣ ኖሮ ወደ መስመሩ ራሱ እየቀረበ ይሄድ ነበር።

ሦስተኛ፣ ያንኑ አንድ ሎት ይዞ ሳይዘጋበት መጋቢት ለመድረስ ምን ያህል ገንዘብ ያስፈልገው ነበር? እስከ 2,540 ያለው ኪሳራ 20,000 ዶላር ነው፤ ላዩ ላይ 1,370 ዶላር መቅረት አለበት፤ የሌሊት ወለድም አለ። ከ22,000 ዶላር በላይ። በወቅቱ ወደ 2.9 ሚሊዮን ብር። መጋዘኑን ከነጤፉ ቢሸጠው የሚያመጣው አይደለም።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ሌላ ነጋዴ ተመሳሳይ ነገር ይዞ ሲመጣ አሁን የምጠይቀው መጀመሪያ ስለ ዋጋው አይደለም። «ይወጣል ብለህ ታስባለህ?» ማለት ትቻለሁ። የምጠይቀው «ስንት ሲወርድ ይዘጋብሃል?» ብዬ ነው። መልሱን በመቶኛ እናወጣዋለን። ከመያዣው ግማሽ ላይ የሚዘጋ ከሆነ፣ ያለህ ገንዘብ ሲቀነስ የመያዣው ግማሽ፣ ለያዝከው ሙሉ ዋጋ ይካፈላል። ለዚህ ሰው 3,630 ለ274,000፤ 1.3 በመቶ። ከዚያ የዚያን ዕቃ ያለፈውን አንድ ዓመት የዋጋ ሰንጠረዥ ከፍቶ 1.3 በመቶ የወረደበትን ቀን መቁጠር ነው። ቆጥረነዋል። የእጅ ጣት አልበቃንም።

ሁለተኛው ጥያቄ የገንዘቡ ምንጭ ነው። ባንክ፣ እቁብ፣ ዘመድ፣ ዱቤ ላይ ያለ ዕቃ፤ ሁሉንም በአንድ ወረቀት። ሰው እያንዳንዱን ብድር ለብቻ ሲያየው ሁሉም ይቻላል። ችግሩ ክፍያው የሚመጣበት ቀን የተለያየ መሆኑ ነው። የባንኩ ክፍያ በየወሩ ነው፤ የብሮከሩ ደግሞ በደቂቃ።

ማርጂን ኮል ሲመጣ ከውጭ ገንዘብ መጨመርን በተመለከተ ጓደኞቼ ከእኔ ጋር አይስማሙም። «አንዳንዴ ያድናል» ይላሉ። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ያድናል። ነገር ግን መልእክቱ ከመምጣቱ በፊት ያልተወሰነ ጭማሪ፣ መልእክቱ ከመጣ በኋላ በደህና ጭንቅላት አይወሰንም። ሰውየው በ11,000 የተስማማውን ጤፍ በ10,000 የሸጠው በዚያ ሰዓት ነው። በጤፍ ሥራው እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሱ ኪሳራ ያስገባው ገንዘብ ላይ ቆሟል። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ጥር 2007 ዓ.ም. የስዊዝ ማዕከላዊ ባንክ በፍራንክ ላይ የያዘውን ገደብ ድንገት ሲያነሳ፣ ዋጋው መሃል ላይ ሳይቆም ዘለለ። ስቶፕ አውቱ የሚዘጋበት ዋጋ አላገኘም። ብዙ ሰዎች ያስገቡት አልቆ፣ በላዩ ለብሮከሩ ባለዕዳ ሆኑ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

የእቁቡ የመጨረሻ ክፍያ ግንቦት 2018 ነው። የባንኩ ጥቅምት 2020። እስካሁን አንድም ወር አላለፈውም። MT5ን ከስልኩ አጥፍቷል። ሚስቱ የመጋዘኑን ደብተር ራሷ ትይዛለች፤ ወር በገባ ቁጥር ወደ እኔ ቢሮ ይዛው የምትመጣው እሷ ናት።

ወርቁ 4,000 ያለፈ ሰሞን እሱ ራሱ ብቻውን መጣ። ደረሰኝ ሊሰጠኝ ነበር። ሰጥቶኝ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ እንዳልኩት ወጣ አይደል?»

«ወጣ» አልኩት።

«እሷ የሸጠችው 15 ግራም ዛሬ ስንት ይሆናል?»

ስሌቱን ጀመርኩ። ሳልጨርስ እጁን አወዛወዘ። «ይተዉት፣ አይንገሩኝ» አለና ወጣ። የጫነው መኪና እየጠበቀው ነበር።